የልጃችሁ ጆሮ ውስጥ ነገር ከገባ፣ እባካችሁ ስቴኪኒውን አስቀምጡት



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ፍሬ ሽምብራ ነው። የአንገት በላይ ሐኪም እንደመሆኔ ከልጆች ጆሮ ውስጥ ያላወጣሁት ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ዶቃ፣ ምስር፣ የእርሳስ ላጲስ፣ የጆሮ ጌጥ፣ በረሮ። ይቺ ሽምብራ ግን ከአእምሮዬ አልጠፋ ስላለች ነው ልጽፍ የተነሳሁት። የቤተሰቡ ማንነት እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝሮችን ቀይሬያለሁ።

ልጅቷ 4 ዓመቷ ነው። ዓርብ ማታ እናቷ ሽምብራ ስትለቅም አጠገቧ ቁጭ ብላ ትጫወት ነበር። ትንሽ ቆይታ "እማ፣ ጆሮዬ ውስጥ ገባ" አለች። እናት በስልኳ መብራት ስታይ ሽምብራው ከጆሮዋ ቀዳዳ ትንሽ ገባ ብሎ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ልጅቷ አላመማትም፣ አላለቀሰችም። እናት "ይቺንማ አሁን ነው የማወጣት" ብላ ስቴኪኒ አነሳች። ሽምብራው ዞር አለና ወደ ውስጥ ገባ። አባት ተራውን በወረንጦ ሞከረ። ክብ ነገር ነውና ወረንጦው በጨመቀው ቁጥር እያመለጠ ይበልጥ ገባ። ጎረቤት ተጠርተው የመጡ እናት "ዘይት ጨምሩበት፣ ተንሸራቶ ይወጣል" አሉ፤ ተጨመረ፣ አልወጣም። በመጨረሻ መርፌው በተነቀለ ሲሪንጅ ውሃ ተረጨበት። አሁንም የለም። ልጅቷ ደክሟት ተኛች።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በህመም እየጮኸች ነቃች። ጠዋት ከመድኃኒት ቤት የጆሮ ጠብታ ተገዛ። ከሰዓት በኋላ ሰፈር ውስጥ ያለ ክሊኒክ ሄዱ፤ እዚያም በመቆንጠጫ ሦስት ጊዜ ተሞከረ፣ ደም መጣ፣ ቆመ። ሰኞ ጠዋት እኔ ጋ ሲደርሱ የጆሮዋ መስመር አብጦ ሊዘጋ ደርሷል፣ ሽምብራው ውሃ ጠጥቶ ወፍሯል፣ ልጅቷ ደግሞ ነጭ ጋዋን ያየች ጊዜ ነው መንቀጥቀጥ የምትጀምረው። ነቅታ እያለች ማውጣት የሚታሰብ አልነበረም። ቀዶ ጥገና ክፍል ገብታ ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቷት ወጣላት። ሽምብራው ከወጣ በኋላ ታምቡሯ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አየሁ። ደግነቱ ከሁለት ወር በኋላ ሳያት ቀዳዳው በራሱ ተዘግቶ ነበር።

ይሄንን ሁሉ ያመጣው ሽምብራው አይደለም። ዓርብ ማታ ላይ ማንም ሳይነካው ቅዳሜ ጠዋት ቢመጡ ኖሮ የደቂቃዎች ሥራ ነበር። የእኔ አቋም ይሄ ነው፦ ጆሮ ውስጥ የገባን ነገር ለማውጣት ጥሩው ዕድል የመጀመሪያው ሙከራ ነው። ያንን ዕድል በስቴኪኒ አታባክኑት። እያንዳንዱ ያልተሳካ ሙከራ ቀጣዩን ያከብደዋል።

ለምን መሰላችሁ?

የጆሮ ቀዳዳ ቀጥ ያለ ቱቦ አይደለም። ትንሽ ጠመም ይላል፣ መሐል ላይ ደግሞ ይጠባል። ከጥበቱ ወዲህ ያለው የውጭው ክፍል ለስላሳ አጥንት ነው፤ ትንሽ ይለጠጣል፣ ሲነካም ብዙ አያምም። ከጥበቱ ወዲያ ያለው ግን ጠንካራ አጥንት ነው፤ የለበሰው ቆዳ በጣም ስስ ስለሆነ ነካ ሲደረግ ያማል፣ ይደማል፣ ያብጣል። መጨረሻው ላይ ታምቡሩ አለ። በአዋቂ ሰው እንኳ ከቀዳዳው አፍ እስከ ታምቡር ያለው ርዝመት 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ በልጅ ደግሞ ያንሳል።

ልጆች የሚከቱት ነገር ብዙ ጊዜ ከጥበቱ ወዲህ ይቆማል። እኛ በስቴኪኒ፣ በክብሪት እንጨት፣ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ስንጎረጉር ጥበቱን አሳልፈን ወደዚያ ስሱ ክፍል እንገፋዋለን። ቀላሉን ነገር ከባድ የምናደርገው እዚያች ላይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የገባው ምንድነው? መልሱ ሦስት ዓይነት ነው፣ የምታደርጉትም በዚያው ልክ ይለያያል።

1. ሕይወት ያለው ነፍሳት ከሆነ

ቤት ውስጥ አንድ ነገር እንድታደርጉ የምፈቅደው ለዚህ ብቻ ነው። ምክንያቱም በረሮ ወይም የእሳት ራት ጆሮ ውስጥ ሲንቀሳቀስ እግሩ ያንን ስስ ቆዳና ታምቡሩን ይነካል፤ ስቃዩ ከባድ ነው። ልጁ ከእንቅልፉ በድንገት እየጮኸ ይነሳል፣ ጆሮውን ይይዛል፣ መናገር የሚችል ከሆነ "የሆነ ነገር እየሄደ ነው" ወይም "ጥዝ ይላል" ይላችኋል።

እናቶቻችን ከጥንት ጀምረው ዘይት ያደርጉ ነበር፤ በዚህ ጉዳይ ልክ ናቸው። ዘይቱ ነፍሳቱን አፍኖ ይገድለዋል፣ መንቀሳቀሱ ሲቆም ስቃዩም ይቆማል። አደራረጉ ግን ሥርዓት አለው።

ልጁን ጤነኛው ጆሮው ወደ ታች፣ ነፍሳት የገባበት ወደ ላይ አድርጋችሁ በጎኑ አስተኙት። የምግብ ዘይት ወይም የሕፃናት ቅባት ዘይት ይሆናል። መሞቅ የለበትም፤ በቤት ውስጥ ያለው ሙቀት ይበቃዋል። በጣም የቀዘቀዘ ከሆነ ጠርሙሱን በእጃችሁ ይዛችሁ ለብ አድርጉት፣ ከዚያ የእጃችሁ አንጓ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ሞክሩት። ምድጃ ላይ የተጣደ ዘይት ጆሮ ውስጥ እንዳትጨምሩ፤ ይሄ የተቃጠለ ጆሮ ይዞ ያመጣል። የጆሮውን ቅጠል ወደ ላይና ወደ ኋላ ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ወደ ታችና ወደ ኋላ። ይሄ ጠመም ያለውን መስመር ያቃናዋል። ዘይቱን ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ጨምሩ። 20 ጠብታ ገደማ፣ ማለትም 1 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ዘይቱ ቀዳዳው አፍ ላይ ሲታይ አቁሙ። ልጁን እንደተኛ 5 እስከ 10 ደቂቃ አቆዩት። የመጀመሪያዋ ደቂቃ ላይ ነፍሳቱ ስለሚፈራገጥ ልጁ ይበልጥ ሊጮህ ይችላል፤ አትደንግጡ፣ ጭንቅላቱን ያዙት። ከዚያ ገልብጣችሁ ጆሮው ወደ ታች ይሁን፣ ዘይቱ በጨርቅ ላይ ይፍሰስ። አንዳንዴ ነፍሳቱ አብሮ ይወጣል።

ካልወጣም ችግር የለም፣ ሞቷል። ልጁ ከተረጋጋ እስከ ጠዋት መተኛት ይችላል፣ ጠዋት ሐኪም ያወጣዋል። በእናንተ ወረንጦ አትጎትቱት፤ በረሮ እየተቆራረጠ እግሩና ክንፉ ውስጥ ይቀራል። ሙሉውን የወጣ ቢመስላችሁ እንኳ የቀረ ቁራጭ ወይም ጭረት እንዳለ ለማረጋገጥ አሳዩት።

አሁን ደግሞ ዘይት የማይደረግበትን ልንገራችሁ። ከዚህ በፊት ጆሮው መግል ይፈስስ ለነበረ ልጅ፣ ታምቡሩ ቀዳዳ እንዳለው ለተነገረው፣ ጆሮው ውስጥ ትንሽ ቱቦ ለተገባለት፣ ወይም አሁን ደም እየወጣው ላለ ልጅ ምንም ፈሳሽ አትጨምሩ። ታምቡሩ ክፍት ከሆነ ዘይቱ ወደ መካከለኛው ጆሮ ይገባል። እነዚህን በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው፣ በሌሊትም ቢሆን።

ስለ ስልክ መብራትም አንድ ነገር ልበል። "ክፍሉን አጨልማችሁ መብራት ጆሮው ላይ አብሩ፣ ነፍሳቱ ወደ ብርሃን ይመጣል" የሚል ምክር በየቪዲዮው አለ። ለእሳት ራት ሊሠራ ይችላል። በረሮ ግን ከብርሃን የሚሸሽ ፍጡር ነው፤ ማታ መብራት ስታበሩ ኩሽና ውስጥ ወዴት እንደሚሮጥ ታውቁታላችሁ። ጆሮ ውስጥም ከስልካችሁ የሚሸሸው ወደ ታምቡሩ ነው። የገባው ምን እንደሆነ ካላያችሁ መብራቱን ተዉት።

"ወደ አንጎሉ ይገባል" ብላችሁ ደግሞ አትሸበሩ። ታምቡሩ መንገዱን የዘጋ ግድግዳ ነው። በዚህ ፍርሃት ተነስተው ፍሊት የረጩ፣ ነጭ ጋዝና አረቄ የጨመሩ ቤተሰቦች አይቻለሁ። ነፍሳቱ በዘይትም ይሞት ነበር፤ የልጁ ጆሮ ግን ባልተቃጠለ።

2. ባትሪ ከሆነ

ይሄ አጭር ነው፤ ምክንያቱም የምትሠሩት ነገር መሄድ ብቻ ነው። የሰዓት፣ የሪሞት፣ የሚያበራ መጫወቻና ዘፈን የሚዘፍን ፖስት ካርድ ውስጥ ያለችው ክብ፣ የሳንቲም ዓይነት ትንሽ ባትሪ ጆሮ ውስጥ ከገባች እርጥብ ቆዳ ላይ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ትጀምራለች። በዚህም እንደ በረኪና ያለ የሚያቃጥል ነገር ይፈጠራል። ባትሪው ያለቀ መስሎ መጫወቻውን ማንቀሳቀስ ባይችል እንኳ ለማቃጠል የሚበቃ ኃይል ይኖረዋል። በሰዓታት ውስጥ ቆዳውን፣ ታምቡሩን፣ ከዚያም አልፎ ይጎዳል።

ውሃም፣ ዘይትም፣ ጠብታም አታድርጉ፤ ፈሳሽ ቃጠሎውን ያፋጥነዋል። እስኪነጋ አትጠብቁ። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ በሩ ላይ "ጆሮው ውስጥ ባትሪ አለ" በሉ፣ ተራ አትያዙ። የገባው ባትሪ ይሁን ዶቃ እርግጠኛ ካልሆናችሁና ቤት ውስጥ ባትሪዋ የጠፋች ሪሞት ወይም መጫወቻ ካለ፣ ባትሪ ነው ብላችሁ ቁጠሩት።

3. የቀረው ሁሉ፦ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ዶቃ፣ ፕላስቲክ፣ ወረቀት

ጭንቅላቱን የተደፈነው ጆሮ ወደ ታች እንዲሆን አዘንብሉና የጆሮውን ቅጠል ቀስ አድርጋችሁ አወዛውዙ። አንዳንዴ በራሱ ይወድቃል። ጭንቅላቱን በጥፊ መምታት የለም። ወረቀት ወይም ጥጥ ሆኖ ግማሹ ከቀዳዳው ውጭ ተንጠልጥሎ ከሆነና ልጁ ዝም ብሎ ከተቀመጠ፣ በጣታችሁ አንድ ጊዜ ያዙትና ሳቡት። ክብ ነገር ከሆነ ግን ውጭ ላይ ቢታያችሁም አትንኩት። እኛ ራሳችን ክብ ነገርን በመቆንጠጫ አንጎትትም፤ ከጀርባው በምትገባ ጫፏ የታጠፈች ቀጭን መሣሪያ ወደ ውጭ እናወጣዋለን ወይም በመሳቢያ ማሽን እንስበዋለን።

እህልና ጥራጥሬ ከሆነ ውሃ ጠላቱ ነው። ሽምብራን ማታ ውሃ ውስጥ ብትዘፈዝፉት ጠዋት ምን ያህል እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ጆሮ ውስጥም ያው ነው፤ ግን የሚሰፋበት ቦታ የለውም፣ ስለዚህ ቆዳውን ይጨምቃል። ልጅቷን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ያስጮሃትም እሱ ነው። ዘይትም ለዚህ አይረዳም፤ የሚገደል ነገር የለም፣ ለሐኪሙ የሚያንሸራትት ይሆንበታል። ጠብታም ቢሆን ያው ፈሳሽ ነው። ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ያንን ጆሮ ውሃ እንዳይነካው፣ ገላውንም ስታጥቡት ተጠንቀቁ።

ጊዜውስ? ህመምና ደም ከሌለ ዶቃና ፕላስቲክ እስከ ማግስቱ ይቆያል፤ እህልም እንዲሁ፣ ግን ከዚያ አታሳልፉት። ስለት ያለው ነገር ከሆነ፣ ደም ከመጣ፣ ከባድ ህመም ወይም ማዞር ካለ፣ ወይም መስማቱ በድንገት ከቀነሰ በዚያው ቀን ሂዱ።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ

ካመመው በክብደቱ ልክ ፓራሲታሞል ሽሮፕ ስጡት። ባትሪ ከሆነ ወይም ከዚህ በፊት ተሞክሮ ያልወጣ ከሆነ ግን መንገድ ላይ ብስኩትና ወተት አታስይዙት፤ ማደንዘዣ ካስፈለገ ሆዱ ባዶ መሆን አለበት። የገባው ነገር ጓደኛ ካለው፣ ተመሳሳይ ዶቃ ወይም ተመሳሳይ ባትሪ፣ ይዛችሁ ኑ። ምን እንደሞከራችሁ ሳትደብቁ ንገሩን፤ ለመቆጣት አይደለም የምንጠይቀው፣ ውሃ ገብቶበት እንደሆነ ማወቁ የምንመርጠውን መሣሪያ ይለውጠዋል።

ልጁን ጭናችሁ ላይ አስቀምጡት። አንድ እጃችሁ ሁለቱንም ክንዶቹን አቅፎ ይያዝ፣ ሌላው ግንባሩን ይዞ ጭንቅላቱን ደረታችሁ ላይ ያስጠጋው፣ እግሮቹን በእግሮቻችሁ መሐል። በእኛ ሥራ ግማሹን ስኬት የሚወስነው ልጁ አለመንቀሳቀሱ ነው።

እዚህ ላይ የሙያ ጓደኞቼን ቅር ሊያሰኝ የሚችል ነገር ልናገር። ጥፋቱ የወላጅ ብቻ አይደለም። ያቺ ልጅ ቤት ውስጥ ከተጎዳችው ባልተናነሰ ክሊኒክ ውስጥ ተጎድታለች። በቂ ብርሃን በሌለበት፣ ለክብ ነገር በማይሆን መሣሪያ፣ እየጮኸች ሦስት ጊዜ መሞከር ድፍረት እንጂ ሕክምና አይደለም። መሣሪያው ከሌለን "የለንም፣ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ሂዱ" ማለት ነውር የለውም። እናንተም ወላጆች ይሄንን የመጠየቅ መብት አላችሁ፦ "ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አላችሁ?" አንድ ጊዜ ተሞክሮ ካልወጣ፣ ወይም ደም ከመጣ፣ "እባካችሁ ሪፈር ጻፉልን" በሉ። ክፉ ወላጅ አያስብላችሁም።

ከወጣ በኋላ ሌላውንም ጆሮና ሁለቱንም የአፍንጫ ቀዳዳ እንዲያዩላችሁ ጠይቁ። አንድ ሽምብራ የከተተ ልጅ ሁለተኛውን የት እንዳስቀመጠ አይታወቅም።

በመጨረሻ፣ ልጁን አትግረፉት። ሲገረፍ የሚማረው ላለመክተት ሳይሆን ላለመናገር ነው። ሳይናገር የቆየ ልጅ ከሳምንታት በኋላ አንድ ጆሮው ብቻ እየሸተተና እየፈሰሰው ይመጣል፣ ስናይ ውስጥ የከረመ ባቄላ እናገኛለን። የዓርቧ ልጅ ወዲያው "እማ፣ ጆሮዬ ውስጥ ገባ" ብላ ነበር። ከቤተሰቡ ሁሉ ትክክለኛውን ነገር ያደረገችው እሷ ነበረች።

ይሄንን ጽሑፍ ትንሽ ልጅ ላላቸውና ልጅ ለምትጠብቅላችሁ ሞግዚት አጋሩ። የሚያስፈልጋት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ለመፈለግ ጊዜ የለም።